«ኔጌቲቭ» ከመጻፍ በፊት፦ የክትትል አክታን በዚል ኔልሰን ማቅለም፣ ማንበብና ደረጃ መስጠት

ጂን ኤክስፐርት በየጤና ተቋሙ ከገባ ወዲህ አዲስ የቲቢ ተጠርጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታዘዘው ስሚር መሆኑ እየቀረ ነው። መድኃኒት የጀመረን ሕመምተኛ ለመከታተል ግን በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ወር መጨረሻ ዛሬም አክታ ስላይድ ላይ ቀብተን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ኤክስፐርት የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ስለሆነ መድኃኒቱ የገደለውንም ባክቴሪያ ቆጥሮ «ተገኝቷል» ይላል፤ ስለዚህ ሕክምናው እየሠራ መሆን አለመሆኑን በእሱ መለየት አይቻልም። ስሚርም የሞተውን ከሕያው አይለይም። ነገር ግን ከ3+ ወደ 1+፣ ከዚያም ወደ ባዶ መውረዱን በዓይን ያሳያል።

የክትትል ስሚር ከምርመራ ስሚር ይከብዳል። ሕመምተኛው ተሽሎት ሳሉ ቀንሷል፣ አክታው ቀጥኗል፣ ባክቴሪያውም ጥቂት ነው። ጥሩ በተሠራ ስላይድ እንኳ ባክቴሪያ በዓይን እንዲገኝ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት። ስላይዱ መጥፎ ከሆነ ይህ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፤ «ኔጌቲቭ» የሚለው ውጤትም ስለ ሕመምተኛው ሳንባ ሳይሆን ስለ እኛ አሠራር የሚናገር ይሆናል። ስለዚህ እዚህ አዳማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የአንዲት የ2ኛ ወር ክትትል ሕመምተኛን አክታ ይዘን ከኩባያው እስከ መዝገቡ እንሄዳለን። ሕመምተኛዋ ለማስረዳት የቀረበች ምሳሌ ናት። ሕክምና ስትጀምር ስሚሯ 3+ ነበር እንበል።

ዘዴው ሙቀት የሚጠቀመው ዚል ኔልሰን ነው። በኦራሚንና በኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ የምትሠሩ ከሆነ ስለ አክታውና ስለ አቀባቡ የተባለው ይጠቅማችኋል። የደረጃ ቁጥሮቹ ግን በማጉያው መጠን ስለሚለወጡ ከዚህ አትውሰዱ።

አክታው

ኩባያውን ስትሰጡ ክዳኑ ላይ አትጻፉ፤ ክዳን ይቀያየራል። ስሙንና ቁጥሩን በኩባያው ጎን ላይ ጻፉ። ከዚያ ለሕመምተኛዋ በሚገባ አስረዱ፦ «እማማ፣ መጀመሪያ አፍዎን በውኃ ይጉመጥመጡ። ከዚያ አየር ሁለት ጊዜ በጥልቀት ይሳቡ፤ በሦስተኛው ከደረትዎ ሥር አንሥተው ያስሉ። ምራቅ አይሁን፤ ወፍራሙን ነው የምንፈልገው።» አክታውን ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከሰው ራቅ ብለው ይስጡ። በዚህ ሥራ ውስጥ ለመተላለፍ ትልቁ አደጋ ያለው ሕመምተኛው በሚያስልበት ቅጽበት ነው፤ ስላይድ መቀባቱ ከዚያ ያነሰ ነው።

መጠኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከመጠኑ በላይ ግን መልኩ ይናገራል፦ ዝልግልግ ነው? ቢጫ ወይም መግል የመሰለ ቅንጣት አለበት? ወይስ አረፋ ያለው ውኃማ ምራቅ ነው? ያያችሁትን መዝገብ ላይ ጻፉት። በክትትል ጊዜ ምራቅ መሰል ናሙና አይጣልም። የተሻላት ሴት ሌላ ማምጣት ላትችል ትችላለች፣ ምራቅ መሰሉም አንዳንዴ ባክቴሪያ ይገኝበታል። ነገር ግን ተሠርቶ ባዶ ሲወጣ ውጤቱ «ናሙናው ምራቅ መሰል» ከሚል ማስታወሻ ጋር ይውጣ፣ የጠዋት አክታም ይጠየቅ።

በአዳማ ሙቀት ኩባያው መስኮት ሥር እስከ ከሰዓት ሲቀመጥ አክታው ይቀልጣል፤ ባክቴሪያው የተከማቸበት ያ ቢጫ ቅንጣት በውኃው ውስጥ ይበተንና ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ በዚያው ጠዋት ቅቡት፤ ካልተቻለ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

አቀባቡ

አዲስ፣ ያልተጫረ ስላይድ ውሰዱ። ያገለገለን ስላይድ አጥቦ መጠቀም የቀደመውን ሰው ባክቴሪያ ለሁለተኛው ሰው መስጠት ነው። ሻካራው ጫፍ ላይ ቁጥሩን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአሲድ አልኮል ይታጠባል።

የእንጨት አፕሊኬተሩን ሰብራችሁ በተሰበረው ሻካራ ጫፍ ቢጫውን ቅንጣት ፈልጋችሁ አንሡ። ከውኃማው ክፍል አትቅዱ። ስላይዱ መሃል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስፋት፣ በትናንሽ ክብ እንቅስቃሴ እየደጋገማችሁ አለስልሱት። ችኮላ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቶ የተተወ ስሚር በአንድ ቦታ ክምር፣ በሌላው ባዶ መስታወት ይሆናል። መጠኑም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፦ በ100 ኦብጀክቲቭ አንድ ፊልድ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ስላለው፣ የ2 ሴንቲ ሜትር ስሚርን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ መሄድ 100 ፊልድ ያህል ይሰጣችኋል።

አየር ላይ ይድረቅ፤ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። እርጥቡን በእሳት ማድረቅ አክታውን ቀቅሎ ያሰነጣጥቀዋል። የአዳማ ነፋስ አቧራ ያመጣልና ክፍት መስኮት አጠገብ አታድርጉት፤ በአቧራ የተሞላ ስላይድ ላይ ቀዩን ዘንግ ከቆሻሻው መለየት ዓይን ያደክማል።

ከደረቀ በኋላ፣ ቀለም ሳይነካው፣ ከታተመ ጽሑፍ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በስሚሩ ውስጥ እዩ። ፊደሉ በጭንቅ የሚነበብ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው። ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ወፍራም ነው፤ ያለ ችግር የሚነበብ ከሆነ ቀጭን ነው። ሁለቱም ቢሆን አክታው ገና እጃችሁ ላይ ስላለ አሁኑኑ ሌላ ቅቡ። ከቀለም በኋላ ከመጸጸት ይህ ግማሽ ደቂቃ ይሻላል።

የተቀባው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ በስፒሪት ላምፕ ነበልባል ላይ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሦስት ሴኮንድ አሳልፉት። ካነሰ ስሚሩ በውኃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ከበዛ ይቃጠላል።

ማቅለሙ

ስላይዶቹን በማቅለሚያው ዘንግ ላይ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር አራርቁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀለም እንዳይፈስ ነው። ብዙ ስላይድ በአንድ ማሰሮ ውስጥ መንከር አይፈቀድም፤ ከ3+ ስላይድ የተነቀለ ቅንጣት ባዶው ላይ ይለጠፋል። ከሕመምተኞቹ ስላይዶች ጋር ፖዚቲቭና ኔጌቲቭ መሆናቸው የታወቀ ሁለት መቆጣጠሪያ ስላይዶችም ይሰለፉ፤ በተለይ አዲስ የቀለም ጠርሙስ ስትከፍቱ ያለ እነሱ አትጀምሩ።

ተጣርቶ የወጣ 1 በመቶ ካርቦል ፉክሲን ስላይዱን እስኪሸፍን አፍስሱ። ከሥር በእሳት አሙቁት፤ እንፋሎት ሲወጣ እሳቱን አርቁ፤ አይፍላ። ከመጀመሪያው እንፋሎት ጀምሮ 10 ደቂቃ ቁጠሩ፤ በመሃል ሲበርድ እንደገና እንፋሎት እስኪወጣ አሙቁት። ቀለሙ እየቀነሰ ከሄደ ጨምሩበት። ከደረቀ ፉክሲኑ ክሪስታል ይሠራል፤ ቀይና ሹል ስለሆነ ልምድ የሌለውን አንባቢ «ፖዚቲቭ» ያሰኛል።

በውኃ ቀስ ብላችሁ እጠቡ። ከዚያ 3 በመቶ አሲድ አልኮል አፍስሳችሁ 3 ደቂቃ ጠብቁ፤ እጠቡና እዩት። ገና ቀይ ከሆነ እንደገና አፍስሳችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ባለሙያ አሲዱ ባክቴሪያውንም ያጥባል ብሎ ይፈራና ቶሎ ያነሣዋል። የባክቴሪያው ግድግዳ ሰም በሚመስል ማይኮሊክ አሲድ የተሞላ ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን በዚያ ውስጥ በደንብ ካስገባው አሲዱ በቀላሉ አያወጣውም። ባክቴሪያው ሐመር ሆኖ ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የማሞቂያው ጊዜ ማጠሩ ወይም ፉክሲኑ ማርጀቱ ነው፤ የአሲዱ ጊዜ መርዘም ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በመጨረሻ 0.1 በመቶ ሜቲሊን ብሉ ለ1 ደቂቃ፤ ታጥቦ በአየር ይድረቅ። በወረቀት አትጥረጉት፤ አንድ ወረቀት ለብዙ ስላይድ ካገለገለ ባክቴሪያ ያጓጉዛል። ቀለሞቹ የሚዘጋጁበት ውኃም የተጣራ ይሁን። የቧንቧ ውኃና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ቲቢ ያልሆኑ ግን አሲድ የማያስለቅቃቸው ማይኮባክቴሪያዎች አሉ። ኔጌቲቭ መቆጣጠሪያው ላይ ቀይ ዘንግ ከታየ የዚያን ቀን ውጤት አታውጡ፤ ከውኃው ጀምራችሁ ፈልጉ።

ከማንበብ በፊት ስላይዱን መመዘን

ይህ በብዙ ቦታ የሚዘለለው እርምጃ ነው። በውጭ የጥራት ቁጥጥር ጊዜ ስላይዱ በስድስት ነገር ይመዘናል፦ በአክታው ጥራት፣ በቀለሙ፣ በንጽሕናው፣ በውፍረቱ፣ በስፋቱና በእኩልነቱ። እነዚህን ተቆጣጣሪው ከወራት በኋላ ከሚነግራችሁ አሁን ራሳችሁ እዩአቸው።

ስፋቱንና እኩልነቱን በባዶ ዓይን፣ ስላይዱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ታያላችሁ፤ ቀለሙ ቀላ ካለ አሲዱ አልበቃውም፣ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ወፍራም ነው። ከዚያ በ10 ኦብጀክቲቭ ግቡ። በአንድ ፊልድ ከ25 በላይ የመግል ሴል ካያችሁ ይህ ከሳንባ የመጣ አክታ ነው። ሰፋፊ የአፍ ሴል ብቻ ከሆነ ምራቅ ነው። በ100 ኦብጀክቲቭ ደግሞ ማክሮፌጅ ማየት ጥሩ ምልክት ነው።

ወደ ሕመምተኛዋ እንመለስ። የመጀመሪያው ቀን ናሙና አረፋማ ነበር። በ10 ኦብጀክቲቭ የአፍ ሴል በብዛት፣ የመግል ሴል ግን እዚህም እዚያም ብቻ ታየ። በ100 ፊልድ ምንም ባክቴሪያ አልተገኘም፤ ፖዚቲቭ መቆጣጠሪያው ደማቅ ቀይ ስለሆነ ቀለሙ አይጠረጠርም። ይህ «ኔጌቲቭ» በማስታወሻ የተመዘገበ ነው፤ ብቻውን ግን ቲቢ ክሊኒክ ያለችውን ሲስተር «ጸድታለች» የሚያሰኛት አይደለም። የጠዋት አክታ ተጠየቀ።

የጠዋቱ ዝልግልግ ሆኖ ቢጫ ቅንጣት ያለበት ነበር። በችኮላ ተቀባና መሃሉ ወፍራም ሆነ፤ ፊደል አላሳየም፣ ቢሆንም ቀለም ተቀባ። ሲታጠብ ከመሃሉ ተላጠ፤ የቀረውም ጥቁር ሰማያዊ ነበር። በ100 ፊልድ 4 ባክቴሪያ ተቆጠረ። እዚህ ላይ «ስካንቲ 4» ብሎ መዝገብ መዝጋት ይቻል ነበር፤ ውጤቱ ፖዚቲቭ ስለሆነ የሚጠይቅም የለም። ነገር ግን ከተላጠ ስላይድ ላይ የተቆጠረ 4 ቁጥር አይደለም። ከዚያው ኩባያ፣ ከዚያው ቅንጣት፣ ቀጭንና እኩል የሆነ ሌላ ስሚር ተሠራ።

ንባቡና ደረጃው

ዘይቱን ስትጨምሩ የማንጠብጠቢያው ጫፍ ስላይዱን አይንካ፤ ከከፍታ ጣል ይደረግ። ከፖዚቲቭ ስላይድ በኋላ ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ጥረጉ። በስሚሩ መሃል ከግራ ዳር ጀምራችሁ በቀጥታ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ እያንዳንዱን ፊልድ ፎከሱን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጋችሁ። የምትፈልጉት ቀጭን ቀይ ዘንግ ነው፤ ቀጥ ያለ ወይም ጥቂት የታጠፈ፣ አንዳንዴ የዶቃ ጥልፍ የመሰለ። ከሴሉ ጋር አብሮ በአንድ ፎከስ ይታያል። ክሪስታል ግን ከስሚሩ በላይ ስለሚቀመጥ ፎከሱ ይለያል፤ ያብረቀርቃል፤ ጫፉም ሹል ነው።

ደረጃው በ1000 ማጉላት እንዲህ ነው፦

በ100 ፊልድ ምንም ካልታየ፦ ኔጌቲቭ።
በ100 ፊልድ ከ1 እስከ 9፦ ስካንቲ፤ የተቆጠረው ቁጥር ራሱ ይጻፋል።
በ100 ፊልድ ከ10 እስከ 99፦ 1+።
በአንድ ፊልድ ከ1 እስከ 10፣ ቢያንስ 50 ፊልድ ታይቶ፦ 2+።
በአንድ ፊልድ ከ10 በላይ፣ ቢያንስ 20 ፊልድ ታይቶ፦ 3+።

ብዙ ባለሙያ የሚስተው ጥቂት ፊልድ ማየት የሚፈቀደው ባክቴሪያው ሲበዛ ብቻ መሆኑን ነው። 20 ፊልድ አይቶ «ኔጌቲቭ» ማለት የለም። ሒሳቡን እንየው፦ በ100 ፊልድ በአማካይ 5 ባክቴሪያ ያለበትን ስሚር 100ውን ፊልድ ካነበባችሁ ሁሉንም የመሳት ዕድላችሁ ከ1 በመቶ በታች ነው። 30 ፊልድ ብቻ አይታችሁ ከተነሣችሁ ግን 22 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከአምስት እንዲህ ዓይነት ስላይዶች አንዱ ያህል «ኔጌቲቭ» ተብሎ ይወጣል ማለት ነው። በ100 ፊልድ በአማካይ 1 ብቻ ካለ ደግሞ 100ውን በጥንቃቄ ያነበበም ከ10 ጊዜ 4 ያህል ይስታል። ለዚህ ነው ሁለተኛ ናሙና የሚያስፈልገው፤ 1፣ 2 ወይም 3 ብቻ ሲገኝም ሌላ 100 ፊልድ ማንበብና ስላይዱን ለሌላ ባለሙያ ማሳየት መልካም ልማድ ነው። አንድ ስላይድ በትክክል ሲነበብ ከ5 ደቂቃ በታች አይፈጅም። በቀን ከ20 እስከ 25 ስላይድ በላይ ያነበበ ዓይን ደግሞ መሳት ይጀምራል።

የሕመምተኛዋ ሁለተኛው ስሚር ሲነበብ 78 ፊልድ ባዶ ነበር፤ በ16 ፊልድ አንድ አንድ፣ በ5 ፊልድ ሁለት ሁለት፣ በአንዱ ሦስት ታየ። ድምሩ 29 ነው፤ ስለዚህ 1+። ከዚያው አክታ፣ በዚያው ቀን፣ በመጥፎው ስላይድ 4 የነበረው ማለት ነው። የሚመዘገበው፦ «የ2ኛ ወር መጨረሻ ክትትል፣ የጠዋት አክታ፣ ዝልግልግ ከቢጫ ቅንጣት ጋር፣ ኤኤፍቢ 1+»፤ ቀኑና የአንባቢው ፊርማ ይጨመራል። ፖዚቲቭ ውጤት በቀይ እስክሪብቶ መጻፍ በኋላ ፍለጋን ያቀላል።

ሲስተሯ ይህን ስታነብ ሁለት ነገር ታውቃለች፦ ቁጥሩ ከ3+ በግልጽ ወርዷል፤ ነገር ግን አልጠፋም። የቀረው የሞተ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ በትክክል አልተዋጠም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ባክቴሪያው ሪፋምፒሲንን ተላምዷል። ይህን ስሚር አይፈታም። ያንኑ አክታ ለኤክስፐርት መላክ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ የሚጠየቀው ባክቴሪያ መኖሩ ሳይሆን የሪፋምፒሲን መላመድ መኖሩ ነው። ሕያው መሆኑን የሚናገረው ካልቸር ነው።

ስላይዱን ማስቀመጥ

የተነበበው ስላይድ ሥራው አላለቀም፤ ለዳግም ንባብ ይፈለጋል። ዘይቱን በሚመጥ ወረቀት ላይ አውርዱት፤ አትፈትጉት። ውጤቱ ስላይዱ ላይ አይጻፍ፤ ዳግም አንባቢው ሳያውቅ ማንበብ አለበት። ፖዚቲቩና ኔጌቲቩ ሳይለያይ በመዝገቡ ቅደም ተከተል በሣጥን ይደርደር፤ ናሙናው ከዚያ ሲመረጥ እንዳይዛባ።

ሣጥኑን ከፀሐይና ከሙቀት አርቁ። ፉክሲን በብርሃን፣ በሙቀትና በቀረ ዘይት ይደበዝዛል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በአዳማ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሣጥን ለዚህ የተመቸ ነው። ስለዚህ «1+» ብላችሁ የጻፋችሁት ስላይድ ከዳግም ንባብ «ኔጌቲቭ» ተብሎ ሲመለስ፣ ከፍተኛ የሐሰት ፖዚቲቭ ስሕተት ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ስላይዱ እንደገና በፉክሲን ተቀልሞ እንዲነበብ ጠይቁ። እንደገና ሲቀለም ባክቴሪያው ከታየ ስሕተቱ የማስቀመጫው ነው። ካልታየ ደግሞ የዚያን ሳምንት ኔጌቲቭ መቆጣጠሪያ መዝገብ፣ የውኃውንና የዘይቱን ጠርሙስ ፈትሹ። ልዩነቱ «ስካንቲ 2» በተባለ ስላይድ ላይ ከሆነ ግን ከላይ ያለውን ሒሳብ አስታውሱ፦ ሁለት ጥንቁቅ አንባቢዎች በእንዲህ ዓይነት ስላይድ ላይ ሳይስማሙ ሊቀሩ ይችላሉ፤ የሚያሳስበው እንዲህ ያለ ልዩነት ከአንድ ላቦራቶሪ ተደጋግሞ ሲመጣ ነው።